የማን ዘፈን? ለመርሳት በሽታ ሕሙማን የሚሆነውን ሙዚቃ ቤተሰብ እንዴት ያገኘዋል

የመርሳት በሽታ ያለበትን ሰው በሙዚቃ ለማረጋጋት የሚሞክር ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከተሳሳተ ቦታ ነው። «አእምሮን ያሳርፋል» የተባለ ለስላሳ የመሣሪያ ሙዚቃ ይከፍታል፤ ወይም «የድሮ ዘፈኖች» የሚል ስብስብ ያገኝና ቀኑን ሙሉ ያሰማል። እናት ወይም አባት ምንም ሳይመስላቸው ይቀመጣሉ፤ አንዳንዴም ጭራሽ ይበሳጫሉ። ከሳምንት በኋላ «ሞክረነው ነበር፣ አልሠራም» ይባልና ነገሩ ይተዋል። እኔ ግን ገና አልተሞከረም ባይ ነኝ። የእሳቸው የሆነውን ዘፈን ማንም አልፈለገውምና።

በሰውየው ሙዚቃና በማንኛውም ሙዚቃ መካከል ያለው ልዩነት ተለክቶ የታየ ነገር ነው። አሜሪካዊቷ የነርሲንግ ተመራማሪ ሊንዳ ገርድነር እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት 39 የአልዛይመርና ተመሳሳይ በሽታዎች ሕሙማን ሁለት ዓይነት ሙዚቃ በየተራ እንዲሰሙ አድርገዋል። አንደኛው እያንዳንዱ ሰው ከመታመሙ በፊት ይወደው የነበረው ሙዚቃ ሲሆን፣ ሁለተኛው ለማረጋጋት ተብሎ የተመረጠ ክላሲካል ነበር። መቁነጥነጥንና መረበሽን በተሻለ የቀነሰው የሰውየው የራሱ ሙዚቃ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ በታች የምገልጸው አሠራርም ከእኚህ ሴት ሥራ ብዙ ወስዷል።

ከመቀጠሌ በፊት ሁለት ነገሮችን መለየት አለብኝ። የሙዚቃ ሕክምና የሚባለው በዘርፉ የሠለጠነ ባለሙያ የሚሰጠው ነው። ባለሙያው ከሕመምተኛው ጋር ይዘፍናል፣ መሣሪያ ይጫወታል፣ የሰውየውን አተነፋፈስና እንቅስቃሴ እያየ ፍጥነቱን እዚያው ይቀይራል፤ ከመጀመሩ በፊትም ምን ለማግኘት እንደሚሠራ ይወስናል። ቤተሰብ በቤቱ የሚያደርገው ደግሞ የተመረጠ ዘፈን በተመረጠ ሰዓት ማሰማት ነው። ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይተካም። ነገር ግን ባለሙያ በቅርብ ለማያገኝ ሰው ሁለተኛው በእጁ ያለ ነገር ነው፤ ባለሙያ ቢኖር እንኳ ከቤተሰቡ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ነገር ያንኑ የዘፈን ዝርዝር ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በዝርዝሩ አሠራር ላይ ያተኩራል።

ስሙን የረሳ ሰው ዘፈን የሚያስታውሰው እንዴት ነው? እ.ኤ.አ. በ2015 ብሬይን በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ለዚህ ጥሩ ፍንጭ ሰጥቷል። ተመራማሪዎቹ በመጀመሪያ ጤናማ ወጣቶች ለረጅም ጊዜ የሚያውቁትን ዘፈን ሲሰሙ የትኛው የአንጎል ክፍል እንደሚነቃ ለዩ። ቀጥለውም ያ ክፍል በአልዛይመር ሕሙማን ላይ ምን ያህል እንደተጎዳ ተመለከቱ። ከሌሎቹ ክፍሎች ጋር ሲነጻጸር ብዙም ሳይኮማተር ቆይቶ አገኙት። ይህ ክፍል የሚገኘው እንቅስቃሴን ከሚያቅዱት የአንጎል አካባቢዎች አጠገብ፣ በመሐል በስተፊት በኩል ነው። የትላንቱን ነገር የሚመዘግበውና በአልዛይመር ቀድሞ የሚጠቃው ሂፖካምፐስ ከዚህ የራቀ ነው። እግር ዘፈኑን ከአፍ ቀድሞ የሚያውቀው፣ ርዕሱን መናገር ያልቻለ ሰው አዝማቹ ላይ ሲደረስ ሳይሳሳት የሚገባው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። በጥናቱ መሠረት የበሽታው ምልክት የሆነው ፕሮቲን በዚያ ክፍልም ይከማቻል፤ ጉዳቱ ዘግይቶ ይደርሳል እንጂ አይቀርም። ሙዚቃ የጠፋውን ትውስታ አይመልስም። ገና ያልተዘጋ በር ያገኛል፤ በሩም እየጠበበ ይሄዳል።

አሁን ወደ አንድ ቤት እንግባ። የምተርከው ቤት በብዙ ቤተሰቦች የሚታየውን አሰባስቤ ለማሳያ ያዘጋጀሁት ነው። እናት 79 ዓመታቸው ነው። አልዛይመር እንዳለባቸው ከታወቀ አራት ዓመት ሆኗል። ከ19 ዓመታቸው ጀምሮ ለ26 ዓመታት በልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠርተዋል። አሁን የሚኖሩት ከ46 ዓመት ሴት ልጃቸው ጋር ነው። በየቀኑ አመሻሽ 11 ሰዓት ሲሆን ቦርሳቸውን ይይዙና በሩ ላይ ይቆማሉ። «ወደ ቤቴ ልሂድ፣ መሸ» ይላሉ። «እማዬ፣ ቤትሽ እኮ ይሄ ነው» ሲባሉ ይቆጣሉ፤ በሩን ይገፋሉ፤ አንዳንዴም ያለቅሳሉ። ልጅየው በጻፈችው ማስታወሻ መሠረት በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሰባቱ ቀናት በስድስቱ እንዲህ ሆኗል።

ልጅየው እናቷ የሚወዷቸውን 12 ዘፈኖች ዝርዝር አወጣች። በእርግጠኝነት ነበር የጻፈቻቸው፤ እናቷ እያንጎራጎሩ ቤት ሲያጸዱ ሰምታቸዋለችና። ከ12ቱ አንዳች ለውጥ በፊታቸው ላይ ያመጡት ሁለት ብቻ ሆኑ። ግራ ተጋባች፤ እውነቷን ነው፣ እናቷ እነዚያን ዘፈኖች ይወዷቸው ነበር። ችግሩ የሚታየው ሒሳቡ ሲሠራ ነው። እሷ ስትወለድ እናቷ 33 ዓመታቸው ነበር። የልጅነት ትዝታዋ ከስድስት ዓመቷ ይጀምራል ብንል፣ የምታስታውሳቸው እናት የ39 ዓመት ሴት ናቸው። ከዚያ በፊት የነበረችውን ወጣት አታውቃትም።

በማስታወስ ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ደጋግመው ያረጋገጡት ነገር አለ። አረጋውያን ሕይወታቸውን እንዲተርኩ ሲጠየቁ ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜያቸው የሆነው ከሌላው ዘመን በርክቶ ይመጣላቸዋል። በሙዚቃ ደግሞ ጉልህ የሆነው ጊዜ ከጉርምስና እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ያለው ነው። ለመጀመሪያ ፍለጋ ከ15 እስከ 25 ዓመት ብንወስድ አንሳሳትም። ለ79 ዓመት እናት ይህ ማለት ከ64 እስከ 54 ዓመት በፊት የተሰሙ ዘፈኖች ማለት ነው። ልጃቸው ከመወለዷ በፊት ያለቀ ዘመን ነው። ልጆች የወላጆቻቸውን ሙዚቃ እናውቃለን ብለው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ እኔ ካየኋቸው ስሕተቶች ሁሉ የዚህን ያህል በቀላሉ ሊታረም የሚችል የለም።

ያንን ዘመን የሚያውቅ ሰው መፈለግ ነበረባት። የእናቷ ታናሽ እህት በሕይወት አሉ። ለእሳቸው የቀረበው ጥያቄ «እማዬ የምትወደው ዘፈን የቱ ነበር?» የሚል ቢሆን ኖሮ መልሱ «ኧረ ብዙ ነው፣ ማን ያስታውሰዋል» ሆኖ ይቀር ነበር። ጥያቄው ወደ ቦታና ወደ ሰው ሲጠጋ ግን ትዝታ ይከፈታል። ቤታችሁ ሬዲዮ ነበር ወይ፣ ማን ነበር የሚከፍተው? ለመጀመሪያ ጊዜ ደመወዝ የተቀበለች ቀን ምን አደረጋችሁ? ሠርጓ ላይ ምን ተዘፈነ? ልጅ ስታስተኛ ምን ትል ነበር? ትምህርት ቤት ምን ታዘምሩ ነበር? አባታችሁ ሲያንጎራጉሩ ምን ይሉ ነበር? አክስት ይህን ሲጠየቁ ፋብሪካው ውስጥ ድምፅ ማጉያ እንደነበርና ሴቶቹ በሰልፍ ተቀምጠው ከስፌት መኪናው ጋር እየዘፈኑ ይሠሩ እንደነበር ትዝ አላቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ራሳቸው ደውለው ሦስት ዘፈኖች ጨመሩ። በጠቅላላ ዘጠኝ ሆኑ። ጠያቂው ቸኩሎ መዝገቡን እንዳይዘጋ የምመክረው ለዚህ ነው፤ ዋናው መልስ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በማግስቱ ነው።

ዝርዝር ግን ግምት ነው፤ መፈተን አለበት። ፈተናው እንዲህ ነው። ሕመምተኛው በተረጋጉበት፣ ጠግበው ባሉበት ሰዓት፣ ቴሌቪዥንና ሌላ ድምፅ በጠፋበት ክፍል አንድ ዘፈን ይከፈታል። «ይህን ታውቂዋለሽ?» ብሎ መጠየቅ አይገባም። ጥያቄው የሚፈትነው የተጎዳውን ትውስታ ነው፤ አላውቀውም ማለት ያሳፍራል፤ ዘፈኑ መሥራት ከመጀመሩ በፊት ሰውየው ወድቋል። ዝም ብሎ አጠገብ መቀመጥና ማየት ይበቃል። መጀመሪያ ዐይን ነው፤ ወደ ድምፁ ይዞራል ወይስ ይሸሻል? ከዚያ ትከሻ ይወርዳል ወይ፣ ጣት ወይም እግር ይመታል ወይ፣ ከንፈር ይንቀሳቀሳል ወይ? በአንድ ቀን ከሁለት በላይ አዲስ ዘፈን አለመፈተን ይሻላል፤ ሲደራረቡ የትኛው ምን እንዳደረገ አይለይም። ከመጀመሩ በፊት፣ እየተሰማ ሳለና ካበቃ ከሩብ ሰዓት በኋላ የታየው በአንድ አንድ መስመር ይጻፋል። ሦስተኛው መስመር ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ እኔ ግን ከሦስቱ እሱን አስበልጣለሁ። ዘፈኑ እየተሰማ ፈገግ ያሉ ሰው ካበቃ በኋላ ይበልጥ ሊጨነቁ ይችላሉና።

ከዘጠኙ ዘፈኖች አምስቱ ሠሩ። አንዱ ግን መጀመሪያ ወድቆ ነበር። ልጅየው ያገኘችው ከጥቂት ዓመታት በፊት ሌላ ድምፃዊ እንደገና የተጫወተውን ቅጂ ነው። መግቢያው ተለውጧል፤ ከበሮው ከብዷል፤ ፍጥነቱም ጨምሯል። እናት ፊታቸውን አዞሩ። አክስት «ይሄ እኮ ያኛው አይደለም» ብለው የድሮው ሲገኝ፣ ገና ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት፣ መግቢያው ላይ የቀኝ እግራቸው መሬቱን መርገጥ ጀመረ። የስፌት መኪናውን ፔዳል የሚረግጡበት እግር ነው። ማወቂያው የዘፈኑ ርዕስ ብቻ ስላልሆነ ያው ዘፈን፣ ያው ድምፃዊ፣ ቢቻል ያው ቀረጻ ይፈለግ። የድምፁ ጥራት ዝቅ ያለ ቢሆንም ግድ የለም።

ሌላው ዘፈን አስለቀሳቸው። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ዕንባ አለ፤ የሚለየውም በሦስተኛው መስመር ነው። አንዳንዱ ዕንባ ይወርድና ሰውየው ይለሰልሳል፤ እጅ ይይዛል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላም ቀለል ብሎት ይገኛል። ይህን ዘፈን ማውጣት አያስፈልግም፤ አጠገባቸው ሰው ሆኖ ይሰማ። እናት ግን ዘፈኑ ካበቃ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል የአንድ ሰው ስም እየጠሩ ክፍል ለክፍል ፈለጉ። በወጣትነቱ የሞተ ወንድማቸው ነው። ኀዘኑ እንደ አዲስ መጣ፤ ምክንያቱን ስለማያስታውሱ ደግሞ የሚያጽናናቸው አልነበረም። ያ ዘፈን ከዝርዝሩ ወጣ። በማስታወሻው ላይ ግን «እንዳይከፈት» ተብሎ ተጻፈ፤ ነገ ሌላ አስታማሚ በቅን ልቦና ሊከፍተው ይችላልና።

የቀረው ሰዓቱ ነው። አብዛኛው ሰው ሙዚቃውን የሚከፍተው በሽተኛው በሩን መግፋት ሲጀምር ነው። ያን ጊዜ ዘፈኑ በጩኸቱ ላይ ሌላ ጩኸት ይሆናል። የገርድነር አሠራር ይህንን በቀላል መንገድ ይፈታዋል፤ ረብሻው የሚበረታበት ሰዓት በማስታወሻ ይታወቅና ሙዚቃው ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ይጀመራል። የእናት ሰዓት 11 ነው። ስለዚህ 10 ሰዓት ተኩል ላይ መጋረጃው ይዘጋል፣ መብራት ይበራል፣ ልጅየው አጠገባቸው ትቀመጣለች፣ አምስቱ ዘፈኖች ይከፈታሉ። ከነመሐከሉ ዕረፍት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ቅደም ተከተሉም ትርጉም አለው። አሜሪካዊው ሐኪም አይራ አልትሹለር እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ያስተዋሉትን የሙዚቃ ሕክምና ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል፤ ሙዚቃው መጀመር ያለበት ሰውየው ካለበት ስሜት ነው፣ ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ ወደሚፈለገው ይወስደዋል። መሄድ የሚፈልግ ሰው ላይ የእንቅልፍ ዜማ ቢከፈትበት አይገናኙም። ስለዚህ የፋብሪካው ዘፈን፣ ፈጣኑና እግር የሚያስረግጠው፣ መጀመሪያ ሆነ። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ያሉት መካከለኛ ናቸው። መጨረሻ ላይ የአባታቸው እንጉርጉሮ መጣ። ይህ በየትኛውም ቀረጻ አልተገኘም። አክስት በስልክ አንጎራጉረው ልጅየው ቀዳችው። ከሁሉም በላይ የሠራውም እሱ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት በሩ ላይ የቆሙባቸው ቀናት ከስድስት ወደ ሦስት ወረዱ። ሦስቱ ለምን ቀሩ? አንደኛው ቀን ስልኩ ላይ በሁለት ዘፈኖች መሐል ማስታወቂያ ገብቶ የማያውቁት ሰው ስለጮኸባቸው ነው። ዘፈኖቹ ያለ በይነ መረብ በሚሠራ መሣሪያ ላይ ተቀድተው መቀመጥ አለባቸው። ሁለተኛው ቀን ሽንት ቤት መሄድ ፈልገው መናገር አቅቷቸው ነበር። ድንገት ለመጣ ወይም ለበረታ መረበሽ ሁልጊዜ መጀመሪያ መታየት ያለበት አካሉ ነው፤ ሕመም፣ የሆድ ድርቀት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት። ዘፈን ሕመምን ሸፍኖ ሐኪም ካዘገየ ጎጂ ነው። የሦስተኛው ቀን ምክንያት አልታወቀም። እንዲህ ያለ ቀን ይኖራል።

ስለ ድምፁ ጥቂት ልጨምር። በእርጅና ቀድሞ የሚደክመው ቀጭን ድምፅ የመስማት ችሎታ ነው። አልሰማ ሲሉ ድምፁን ከመጨመር ይልቅ ማጫወቻውን ማቅረብ፣ የመስሚያ መሣሪያ ካላቸውም ባትሪውን ማየት ይቀድማል። አጠገባቸው ተቀምጦ በተለመደ ድምፅ ማውራት የማይቻል ከሆነ በዝቷል። ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ማዳመጫ አንዳንዱን ከጫጫታ ያድነዋል፤ ሌላውን ያስፈራዋል። ከራሳቸው ላይ አንስተው ከጣሉት መልሱ ተሰጥቷል። ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ የሚውል ሙዚቃ ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደ ግድግዳ ይሆናል፤ የሚሰማው የለም፤ ለሚያስፈልግበት ሰዓትም ጉልበት አይቀርለትም።

በአንጎል የፊትና የጎን ክፍል መጎዳት የሚመጣው የመርሳት በሽታ ከአልዛይመር ይለያል። በዚህ በሽታ አንዳንዶች ድንገት ለሙዚቃ ከፍተኛ ፍቅር ያድርባቸውና አንዱን ዘፈን ያለማቋረጥ መስማት ይሻሉ፤ ሌሎች ድምፅን ጨርሶ ይጠላሉ። እዚህ የወጣትነት ዘፈን ሒሳብ ሊከሽፍ ይችላል፤ የዛሬውን ሰው ማየት እንጂ የትላንቱን መከተል አያዋጣም።

የማስረጃውን ልክም ሳልሸሽግ ልናገር። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ግምገማ 22 ጥናቶችን አይቶ፣ ሙዚቃን የተጠቀመ ሕክምና የድባቴ ምልክቶችንና አጠቃላይ የባሕርይ ችግሮችን ሳይቀንስ እንደማይቀር፣ በመቁነጥነጥና በጠበኝነት ላይ ግን ያለው ለውጥ ጥቂት ወይም ምንም እንደሆነ ደምድሟል። የማሰብ ችሎታንም አያሻሽልም። ይህ ከገርድነር ውጤት ጋር የሚጋጭ ይመስላል። ግምገማው ብዙ ዓይነት አሠራሮችን በአንድ ላይ ይመዝናል፤ የቡድን መዝሙር፣ ከበሮ መምታት፣ ማዳመጥ። ዘፈኑም ሰዓቱም ለእያንዳንዱ ሰው የተለካበት ከነዚህ ጥቂቱ ነው። ቢሆንም ቁጥሩን ማጣጣል አልፈልግም። በሦስት ወይም በአራት ሳምንታት ማስታወሻው ውስጥ ለውጥ ካልታየ ቤተሰቡ አልለፋም ማለት አይደለም፤ ለዚህ ሰው፣ በዚህ ደረጃ፣ መንገዱ ይህ ላይሆን ይችላል።

በዚያኛው ቤት ዝርዝሩ በየሦስት ወሩ እንደገና ይፈተናል፤ በሽታው ስለሚሄድ የሠራው መሥራት ያቆማል። ከዓመት ተኩል በኋላ የፋብሪካው ዘፈን ፍጥነት በዛባቸው፤ ሲከፈት ዐይናቸውን ይጨፍኑ ጀመር። ወጣ። ቀጥሎ ሠርግ ላይ የተዘፈነውም ወጣ። አሁን የቀረው እንጉርጉሮው ነው፤ ልጅየው ከቅጂው ተምራው በራሷ ድምፅ፣ ከበፊቱ ቀስ ብላ፣ እጃቸውን ይዛ ትለዋለች። እናት ቃል ከተናገሩ ወራት ሆኗቸዋል። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሲደረስ ግን ትንፋሻቸው ከሷ ትንፋሽ ጋር ይገጥማል፤ ማስታወሻው ላይ የምትጽፈውም ይህንኑ ነው።